ትልልቅ ፎልደሮችን በሮቦኮፒ መገልበጥ፣ ሲቋረጥ መቀጠልና የፋይሎችን ቀን መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ሮቦኮፒ ምንድን ነው? ከየት ይወርዳል?

ከየትም አይወርድም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የመገልበጫ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተርዎ ላይ `C:\Windows\System32` ውስጥ `robocopy.exe` በሚል ስም ተቀምጧል። በኢንተርኔት «ሮቦኮፒን ያውርዱ» የሚል ገጽ ካጋጠመዎት ይለፉት።

የራሱ መስኮትና አዝራር የለውም፤ በጽሑፍ ትዕዛዝ ነው የሚሠራው። ሁለት ጊጋባይት የሚያህል ፎልደር ከሆነ በመዳፊት ጎትቶ መገልበጥ ይበቃል። ብዙ አሥር ሺህ ፋይል ያለበት፣ ሰዓታት የሚፈጅ ፎልደር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የተለመደው መገልበጫ እኩለ ሌሊት ላይ «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ልተካው?» ብሎ ይጠይቅና መልስ የሚሰጠው ሰው ሳያገኝ እስኪነጋ ቆሞ ያድራል። ሮቦኮፒ ምንም አይጠይቅም። እንዲያልፍ ከታዘዘ ያልቻለውን ፋይል መዝግቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ቢቋረጥም የተገለበጠውንና የቀረውን ለይቶ ያውቃል።

ትዕዛዙን የምጽፈው የት ነው? አጭሩ ትዕዛዝስ ምን ይመስላል?

የዊንዶውስ ቁልፍን ይጫኑ፣ `cmd` ብለው ይጻፉና ኤንተር ይምቱ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ውስጥ መጀመሪያ መነሻውን፣ ቀጥሎ መድረሻውን፣ በመጨረሻም አማራጮቹን ይጽፋሉ፦

```
robocopy "D:\Photo" "E:\Photo" /E
```

`/E` ማለት በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጨምረህ ውሰድ ማለት ነው። እርሱ ከሌለ ላይ ላዩን ያሉት ፋይሎች ብቻ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሮቦኮፒ የሚገለብጠው ፎልደሩን ሳይሆን የፎልደሩን ይዘት ነው። መድረሻውን `E:\` ብቻ ብለው ቢተዉት ፎቶዎቹ ያለ ምንም ፎልደር ዲስኩ ላይ ይበተናሉ። ስለዚህ የፎልደሩን ስም መድረሻው ላይም ይድገሙት። ከስሙ በኋላ ደግሞ የመጨረሻ ኋልዮሽ ሰረዝ አይጨምሩ። `"D:\Photo\"` ብለው ከጻፉ ሰረዙ ከጥቅስ ምልክቱ ጋር ተያይዞ ይነበብና መነሻና መድረሻው ይምታታሉ።

ትዕዛዙ ምን እንደሚሠራ ለማየት መጨረሻው ላይ `/L` ይጨምሩ። ምንም ሳይገለብጥ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ዘርዝሮ ያሳያል። እኔ አዲስ ትዕዛዝ በጻፍኩ ቁጥር መጀመሪያ በ`/L` ነው የማስኬደው።

ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ከመጀመሪያው ልጀምር?

አይደለም። ያንኑ ትዕዛዝ እንደገና ያስኪዱት፤ ሮቦኮፒን መቀጠል ማለት ይኸው ነው። እያንዳንዱን ፋይል መነሻውና መድረሻው ላይ ያስተያያል፤ መጠኑና መጨረሻ የተሻሻለበት ቀንና ሰዓት አንድ ከሆነ እንደተገለበጠ ቆጥሮ ያልፈዋል።

መርካቶ አካባቢ ያለ የአንድ ፎቶ ቤት ሥራ እንዴት እንደሄደ ላሳይ። 412 ጊጋባይት የሠርግና የምረቃ ፎቶና ቪዲዮ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መሄድ ነበረበት። ኮምፒውተሩ የቆየ ስለሆነ የነበረው የዩ.ኤስ.ቢ. 2 መሰኪያ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ይገለብጣል። በዚህ ፍጥነት ሥራው ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የጻፍነው ትዕዛዝ ይህ ነው፤ `/NP` የመቶኛ ቁጥሩን እንዳያሳይ፣ `/TEE` ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚጽፈውን መስኮቱም ላይ እንዲያሳይ ያደርጋል፣ የቀሩትን አማራጮች ከታች እናያቸዋለን፦

```
robocopy "D:\Photo" "E:\Photo" /E /DCOPY:DAT /R:2 /W:5 /NP /TEE /UNILOG+:"C:\Log\photo.txt"
```

ማታ 12 ሰዓት ላይ ጀመርን። 1 ሰዓት ከ50 ላይ መብራት ጠፋ፤ ዩ.ፒ.ኤስ. አልነበረም። በዚያን ጊዜ 230 ጊጋባይት ገደማ ተገልብጦ ነበር። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ደገምነው። ቀድሞ የገባውን ለማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ወሰደበት፤ ከዚያ ካቆመበት ፎልደር ተነሥቶ የቀረውን 180 ጊጋባይት በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰ። በመዳፊት ጎትተነው ቢሆን ኖሮ የትኛው እንደገባና የትኛው እንደቀረ ስንፈልግ እናመሽ ነበር።

ሁለት ነገር አስቀድመው ያዘጋጁ። ትዕዛዙን ኖትፓድ ላይ ጽፈው `photo.bat` በሚል ስም ያስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ይቀርዎታል፣ በጥድፊያ ፊደል አይሳሳቱም። መዝገቡ የሚቀመጥበትን `C:\Log` ፎልደርም ቀድመው ይፍጠሩት፤ ሮቦኮፒ እርሱን አይፈጥርልዎትም። ዲስኩ ሲነቀልና ሲሰካ `E:` የነበረው `F:` ሊሆን ስለሚችልም ከመድገምዎ በፊት ፊደሉን ይመልከቱ።

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ሆኖም ትቼው ስመለስ ቆሞ አገኘዋለሁ። ለምን?

አንቀላፍቶ ነው። ዊንዶውስ መዳፊቱ ካልተነካ የሚሠራ ሰው የለም ብሎ ያስባል። ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይጻፉ፦

```
powercfg /change standby-timeout-ac 0
```

ይህ ቻርጀር ተሰክቶ እያለ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳያንቀላፋ ያደርጋል። ክዳኑን ግን አይዝጉት፤ ለእርሱ ሌላ ቅንብር ነው ያለው።

`/Z` የሚባለው አማራጭ ለመቀጠል ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይጨምረዋል። ከላይ ያየነው መቀጠል በፋይል ደረጃ ነው። ያለቁት ፋይሎች ይታለፋሉ፤ መብራት ሲጠፋ በመገልበጥ ላይ የነበረው አንድ ፋይል ግን ከዜሮ ይጀምራል። `/Z` የሚጨምረው ያ አንድ ፋይል ከመሀሉ እንዲቀጥል ማድረግን ነው። ገና ያላለቀው ፋይል መድረሻው ላይ የተሻሻለበት ቀን በ1980 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሆኖ ይታያል። ያን ቀን ካዩ አይደንግጡ፣ ፋይሉንም አያጥፉት፤ ሮቦኮፒ «ይህ አላለቀም» ብሎ ያኖረው ምልክት ነው። ሲያልቅ ትክክለኛውን ቀን ይሰጠዋል።

ጥቅሙን በስሌት እንየው። በፎቶ ቤቱ ሥራ መሀል የተቋረጠው 14 ጊጋባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ነበር። በሰከንድ 35 ሜጋባይት ሲሄድ ከዜሮ ለመድገም 7 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈልገው። ለሰባት ደቂቃ ብሎ `/Z` መጨመር አያዋጣም፤ ምክንያቱም በየመሀሉ የደረሰበትን እየመዘገበ ስለሚሄድ ሥራውን በሙሉ ያዘገየዋል። ያው ፋይል በዋይፋይ፣ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ቢሄድ ግን 78 ደቂቃ ይፈጃል። ግንኙነቱ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ያለ `/Z` ያ ፋይል መቼም አያልቅም፤ ሃያም ሠላሳም ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ዲስኩ በገመድ ከተሰካ `/Z` አልጨምርም፤ በዋይፋይ ወይም በሚቆራረጥ ኔትወርክ ከሆነ እጨምራለሁ።

```
robocopy "\\STUDIO-PC\Photo" "E:\Photo" /E /Z /DCOPY:DAT /R:20 /W:15
```

እዚህ ላይ `/R:20 /W:15` ያልኩት ራውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ጊዜ ለመስጠት ነው። ሃያ ጊዜ፣ በየ15 ሰከንዱ ይሞክራል፤ በድምሩ አምስት ደቂቃ ይታገሣል ማለት ነው።

አንድ ፋይል ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ምን ሆኖ ነው?

`/R` እና `/W` ስላልጻፉ ነው። ሮቦኮፒ ያልተነገረው እንደሆነ አንድን እምቢ ያለ ፋይል 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል፤ በየሙከራው መካከልም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ያባዙት፤ ለአንድ ፋይል ብቻ ወደ 347 ቀን ይመጣል። የቆመ የሚመስለው እየጠበቀ ስለሆነ ነው። `Ctrl` እና `C` አብረው ተጭነው ያቁሙት፣ `/R:2 /W:5` ጨምረው ያስኪዱት፤ የተገለበጠው አይጠፋም።

ፋይሉ ለምን እምቢ እንዳለ መስኮቱ ራሱ ይነግርዎታል። `ERROR 32` ካለ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል፤ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ወይም ኤክሴሉን ይዝጉት። `ERROR 5` ካለ ፈቃድ የለዎትም፤ ጥቁሩን መስኮት በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው ይሞክሩ። `ERROR 112` ካለ መድረሻው ሞልቷል። ኔትወርክ ላይ `ERROR 64` ካዩ ደግሞ ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ወደ ገመዱና ወደ ራውተሩ ይሂዱ።

የፋይሎቹ ቀን እንዳይቀየር ምን ልጨምር?

ለፋይሎች ምንም መጨመር አያስፈልግም። ሮቦኮፒ ካልተከለከለ በስተቀር ይዘቱን፣ ባሕርያቱንና ጊዜውን አብሮ ይወስዳል፤ ይህም `/COPY:DAT` ከመጻፍ ጋር እኩል ነው። በመዳፊት ሲገለብጡ የተሻሻለበት ቀን ይጠበቃል፣ የተፈጠረበት ቀን ግን የዛሬ ይሆናል። ሮቦኮፒ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ፎቶ አንሺዎች አንድ ነገር ቢለዩ እወዳለሁ። ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈው የተነሣበት ቀን የፋይሉ ይዘት አካል ነው፤ በየትኛውም መንገድ ቢገለበጥ አይነካም። ለችግር የሚጋለጠው ዊንዶውስ ከፋይሉ ውጭ የሚመዘግበው ቀን ነው። የተቃኘ ደረሰኝ፣ የቡና መረከቢያ ሰነድ ወይም የድሮ የሒሳብ ሠንጠረዥ ከዚህ ሌላ ቀን ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ መጠበቁ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ፋይሎቹ ትክክል ናቸው፤ ፎልደሮቹ ግን ሁሉም የዛሬን ቀን ያሳያሉ። እንዴት?

የፋይልና የፎልደር ጊዜ በተለያየ አማራጭ ነው የሚታዘዘው። ለፎልደር ሮቦኮፒ ሳይነገረው የሚወስደው ይዘቱንና ባሕርያቱን ብቻ ነው፤ ጊዜውን አይጨምርም። `/DCOPY:DAT` ሲጽፉ መጨረሻ ላይ ያለችው `T` ጊዜውን ትጨምራለች። ሥራቸውን በፎልደር ቀን ደርድረው የሚፈልጉ ሰዎች ይህችን ፊደል ረስተው ስምንት ዓመት የተጠራቀመ ሥራ በአንድ ቀን የተፈጠረ መስሎ ሲያዩ ምን ያህል እንደሚያዝኑ አይቻለሁ። መነሻው ገና ካልጠፋ ቀኑም እዚያው አለ፤ ስለዚህ ፎልደሮቹን ሳያዩ መነሻውን አይሰርዙ።

ያንኑ ትዕዛዝ ስደግመው የተገለበጠውንም እንደገና ይገለብጣል። ለምን አያልፈውም?

መድረሻው ፍላሽ ወይም ኤፍ.ኤ.ቲ. 32 ሆኖ የተዘጋጀ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም። የኮምፒውተሩ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ነው፤ ጊዜን ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ክፍልፋይ ይመዘግባል። ኤፍ.ኤ.ቲ. 32 ደግሞ የተሻሻለበትን ጊዜ በሁለት ሰከንድ ልዩነት ብቻ ነው የሚጽፈው። 3፡15፡07 ላይ የተሠራ ፋይል እዚያ ሲደርስ ሰባተኛዋ ሰከንድ የላትም፤ ሮቦኮፒ ሲያስተያያቸው አንድ አይደሉም ይልና ይደግመዋል። መፍትሔው `/FFT` መጨመር ነው፤ እስከ ሁለት ሰከንድ ያለውን ልዩነት ይቅር ይላል። ኤክስፋት በሆኑ ዲስኮችም ላይ ያው ድግግሞሽ ካጋጠመዎት ይጨምሩት። ኤፍ.ኤ.ቲ. 32 ላይ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ፋይል ብቻ እንደሚገባም አይርሱ፤ ረጅም ቪዲዮ ካለ ዲስኩ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት።

`/FFT` ጨምረውም ከደገመ ልዩነቱ በሰዓታት የሚቆጠር መሆኑን ይመልከቱ። እኛ ዘንድ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው የአሜሪካ ፓሲፊክ ሆኖ ይቀርና ባለቤቱ ሰዓቱ እንደማይገጥም ሲያይ ቀጠናውን ትቶ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ በእጁ ያስተካክላል። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ጊዜን የሚይዘው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ ኤፍ.ኤ.ቲ. 32 ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ሰዓት እንዳለ ይጽፋል። ፍላሹ ቀጠናው በተሳሳተ ኮምፒውተር ተጽፎ ትክክለኛ ቀጠና ባለው ኮምፒውተር ከኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ጋር ሲስተያይ የ10 ወይም የ11 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ሁሉም ፋይል ተቀይሯል ይባላል። ከመገልበጥ በፊት ሁሉንም ኮምፒውተሮች እንዲህ ያስተካክሉ፣ ከዚያም የሚታየውን ሰዓት ያረጋግጡ፦

```
tzutil /s "E. Africa Standard Time"
```

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓትን 3፡00 አድርገው የሚሞሉም አሉ። ያኔ የፋይሎቹ ጊዜ በሙሉ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ ሮቦኮፒም ስሕተቱን አንዲት ሰከንድ ሳያዛንፍ ይገለብጠዋል። ኋላ ቀጠናውንና ሰዓቱን ማስተካከል ከዚያ ወዲያ የሚሠራውን ፋይል ያድናል፤ ቀድሞ የተመዘገበውን አያርምም። `/DST` ስለሚባለው አማራጭም እጠየቃለሁ፤ እርሱ በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን ለሚቀያይሩ አገሮች የተሠራ ስለሆነ ለኢትዮጵያ አያስፈልግም።

በአማርኛ የተሰየሙ ፎልደሮች የጥያቄ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ተበላሹ?

አልተበላሹም። ጥቁሩ መስኮት የግዕዝ ፊደል ማሳየት ስላቃተው ብቻ ነው፤ መድረሻውን ከፍተው ቢያዩት ስሙ በትክክል ተቀምጧል። መዝገቡ ላይም ፊደሉ እንዲነበብ `/LOG` በሚለው ፈንታ `/UNILOG` ይጠቀሙ፤ ከላይ የጻፍኩት ለዚህ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የመደመር ምልክት የቀድሞው መዝገብ ሳይሰረዝ አዲሱ ከሥሩ እንዲቀጥል ያደርጋል።

`/MIR` ይሻላል ይሉኛል። ልጠቀምበት?

`/MIR` መድረሻውን የመነሻው ቁርጥ አምሳያ ያደርገዋል። ይህ ማለት መነሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ያጠፋል ማለት ነው፤ ያጠፋውም ወደ ቆሻሻ መጣያ አይገባም። ዲስኩ ላይ በዚያው ፎልደር ያለፈው ዓመት ሥራ ብቻውን ተቀምጦ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። መነሻና መድረሻ ተቀያይረው ቢጻፉ፣ ወይም የዲስኩ ፊደል ተለውጦ ሌላ ዲስክ `E:` ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል።

ለመቀጠል `/E` ይበቃል። `/MIR` የሚያስፈልገው ከመነሻው የተሰረዘው ከመጠባበቂያውም እንዲሰረዝ ሲፈልጉ ብቻ ነው። ያን ጊዜም መጀመሪያ `/L` ጨምረው ያስኪዱትና `*EXTRA File` እና `*EXTRA Dir` የሚሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ የሚጠፉት እነርሱ ናቸው።

ሁሉም ነገር መገልበጡን በምን አውቃለሁ?

መጨረሻ ላይ ከሚወጣው ሠንጠረዥ። `Total` ጠቅላላውን፣ `Copied` አሁን የተገለበጠውን፣ `Skipped` ቀድሞ ስለነበረ የታለፈውን ይነግርዎታል። ከተቋረጠ በኋላ ሲደግሙት `Skipped` ትልቅ ቁጥር ቢሆን ደግ ምልክት ነው። ዓይንዎን የሚጥሉት `FAILED` የሚለው ዓምድ ላይ ነው፤ በፋይሎች መስመር ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ መዝገቡን ኖትፓድ ላይ ከፍተው `ERROR` የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ የፋይሉ ስም አብሮ አለ። ምክንያቱን አስተካክለው ያንኑ ትዕዛዝ ይደግሙታል።

ትዕዛዙ እንዳለቀ `echo %ERRORLEVEL%` ብለው ቢጽፉ ቁጥር ይሰጥዎታል። 1 ካለ ብዙ ሰው ስሕተት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፋይሎች በደኅና ተገልብጠዋል ማለት ነው። 0 ማለት የሚገለበጥ አዲስ ነገር አልነበረም፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያልተገለበጠ አለ።

ሁሉም ተገልብጧል ይላል፤ መብራት ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የገባ አንድ ቪዲዮ ግን አይከፈትም። እንዴት ይሆናል?

ይህ ከሁሉም የሚከፋው ነው። ዊንዶውስ ለፕሮግራሙ «ጽፌያለሁ» ቢለውም ይዘቱ ለጥቂት ጊዜ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ቆይቶ ነው ወደ ዲስኩ የሚወርደው። በዚያ መሀል መብራት ከጠፋ የፋይሉ ስም፣ መጠንና ቀን ዲስኩ ላይ ተመዝግበው ይዘቱ ግን ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ሮቦኮፒ ደግሞ የሚያስተያየው መጠንና ቀንን እንጂ ይዘትን አይደለም። ሲደግሙት «ይህ አለ» ብሎ ያልፈዋል፤ ውስጡ ባዶ መሆኑን አያይም። ከዊንዶውስ 10 እትም 1809 ወዲህ ለተነቃይ ዲስኮች ይህ ማቆያ እንደ ልማድ ተዘግቷል፤ አደጋው ቀንሷል፣ በዴስክቶፑ የውስጥ ዲስኮች ላይ ግን አለ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ጥቁሩን መስኮት በአስተዳዳሪ መብት ከፍቼ `chkdsk E: /f` ብዬ ዲስኩን አስመረምራለሁ። ከዚያ ትዕዛዙን እደግመዋለሁ። በመቀጠል መዝገቡን እከፍትና በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው `New File` የትኛው እንደሆነ አያለሁ፤ ሥራው የተቋረጠው እዚያ ጋ ነው። በዚያው ፎልደር ውስጥ ከእርሱ በፊት የተቀመጡትን ሠላሳ ወይም አርባ ፋይሎች ከመድረሻው ብቻ አጠፋና ትዕዛዙን ለሦስተኛ ጊዜ አስኬደዋለሁ፤ ከመነሻው እንደ አዲስ ይመጣሉ። መጨረሻ የገቡትን ፋይሎች በቀን ደርድሮ መፈለግ አይሠራም፤ ሮቦኮፒ የድሮ ቀናቸውን ስለጠበቀ ከሌሎቹ አይለዩም። መዝገብ መያዙ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል።

አንድን ትልቅ ፋይል ባይት በባይት ለማስተያየት ደግሞ ይህ አለ፦

```
fc /b "D:\Photo\Serg\video1.mp4" "E:\Photo\Serg\video1.mp4"
```

`FC: no differences encountered` ካለ ሁለቱ አንድ ናቸው። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ኤክስተርናሉን በሥርዓት ነቅለው እንደገና ይሰኩት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ዲስኩን ሳያነብ ገና ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ሊያስተያይ ይችላል። ይህን ሳልጨርስ ለማንም ደንበኛ «መነሻውን አጥፋው» ብዬ አላውቅም።